የሻከረ የዝማሬ ቅጂ እንዴት ይጠገናል?

የኮንፈረንስ ቅጂ ስናዳምጥ ስብከቱ ጥርት ብሎ ይሰማና መዘምራኑ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ግን የሚሻክርበት ጊዜ ብዙ ነው። በቅርቡ የስድስት ደቂቃ ዝማሬ እንዲሁ ሆኖ እጄ ገባ። ቅጂውን ያመጣው ወንድም «ድምፁን ብንቀንሰው አይስተካከልም?» ብሎ ጠየቀኝ።

አይስተካከልም። ዲጂታል መቅጃ ሊመዘግብ የሚችለው ጣሪያ 0 ዴሲቤል ይባላል። ድምፁ ከዚያ ሲያልፍ የሞገዱ ጫፍ በመቀስ እንደ ተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ የተቆረጠውም የትም አልተመዘገበም። ድምፁን ብንቀንስ ጠፍጣፋው ጫፍ ዝቅ ይላል እንጂ አይከብብም።

እኔ የሠራሁት ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። አስቀድሜ የWAV ፋይሉን ቅጂ አስቀመጥሁ። ከዚያ በ`View` ሥር `Show Clipping in Waveform` የሚለውን ስመርጥ የተቆረጡት ቦታዎች በቀይ መስመር ታዩ፤ አብዛኞቹ አዝማቹ ላይ ነበሩ። ሞገዱን በጣም ሳጎላው ነጥብ በነጥብ ሆነ። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 44,100 ነጥቦች አሉ። በዘማሪዎቹ ድምፅ ላይ የተቆረጠው ከአምስት እስከ አሥር ነጥብ ብቻ ሲሆን ድራሙ ላይ ግን ከመቶ በላይ የሆነበት ቦታ ነበረ።

የሚጠግነው `Clip Fix` ነው። የመጀመሪያው ቁጥር 95% ሲሆን፣ ከመረጥነው ክፍል ከፍተኛ ጫፍ 95 በመቶ የደረሰውን ነጥብ ሁሉ እንደ ተቆረጠ ቁጠር ማለት ነው። ፕሮግራሙ ከጠፍጣፋው ግራና ቀኝ ያለውን አወጣጥና አወራረድ አይቶ የጎደለውን ጫፍ በግምት ይሥላል። አዲሱ ጫፍ ከድሮው ስለሚበልጥ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ቁጥር -9 ዴሲቤል የሆነው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የተበላሸውን ቦታ ብቻ መርጠው ሲጠግኑ ያ ክፍል ከሌላው በ9 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀራል። ስለዚህ ትዕግሥት ቢጠይቅም መዝሙሩን በሙሉ መምረጥ ይሻላል። በመጨረሻ በ`Normalize` ከፍተኛውን ጫፍ ወደ -1 ዴሲቤል መለስሁት።

ውጤቱስ? የዘማሪዎቹ ድምፅ ለሰለሰ፤ ጫፎቹም ሲጎሉ ክብ ሆነው ታዩ። ድራሙ ግን እንደ ሻከረ ቀረ፤ በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ሲጠፋ ከዳርና ከዳር ያለው ጥቂት ምልክት ለግምት አይበቃም። ጥገናው ከጎረቤቶቹ እጅግ የሚረዝም እንደ መርፌ የሾለ ጫፍ ካወጣ ግምቱ ስቷልና በ`Ctrl+Z` መመለስ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ድምፁ የተቆረጠው ሚክሰሩ ላይ ሆኖ መቅጃው ዝቅ ብሎ ከተከፈተ ቀይ መስመር ላይታይ ይችላል፤ ጠፍጣፋውን በዓይን መፈለግ ያስፈልጋል። ቅጂው ወደ MP3 ከተለወጠ ደግሞ ጠፍጣፋው ስለሚሞነጫጨር ፕሮግራሙ በደንብ አይለየውም። የእኛም መጀመሪያ በስልክ የተላከው MP3 ነበረ፤ ወንድማችን ተመልሶ የመቅጃውን ካርድ ባያመጣ ኖሮ ይህን ያህል እንኳ ባልተጠገነ ነበር።