ሳይበላሽ የተመዘገበ ጥገና

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 2007 ማይክሮሶፍት አንድ መግለጫ አወጣ። ኤክስቦክስ 360 የተባለው የጨዋታ ማሽኑ ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራቶች ብልጭ ድርግም እያሉ ሥራ ካቆመ፣ ከተገዛበት ቀን አንስቶ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ በነፃ እንደሚጠግን አስታወቀ። ለዚህም ከ1.05 እስከ 1.15 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ እንደሚመዘግብ ገለጸ። ወጪው የተጫነው ከአምስት ቀን በፊት፣ ጁን 30 ላይ ባለቀው የበጀት ዓመት ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ወደፊት ከሚበላሹት ማሽኖች ብዙዎቹ ገና በደንበኞች ቤት እየሠሩ ነበሩ።

ያልተበላሸ ዕቃ ጥገና ባለፈው ዓመት ሂሳብ ላይ እንዴት ይመዘገባል? መልሱ ከሽያጩ ዕለት ይጀምራል። ነጋዴው ከነጋራንቲው ዕቃ ሲሸጥ ገንዘቡን ይቀበላል፤ በዚያው ቅጽበት ዕቃው ቢበላሽ የመጠገን ወይም የመለወጥ ግዴታም ይገባል። የሽያጩ ገቢ በዚህ ዓመት ተመዝግቦ የጥገናው ወጪ ዕቃው እስኪበላሽ ቢጠበቅ፣ የዘንድሮው ትርፍ ከእውነቱ በላይ ያብጣል፤ የሚመጣው ዓመት ደግሞ ያልሸጠውን ዕቃ ወጪ ይሸከማል። ስለዚህ የሂሳብ ባለሙያዎች የጥገናውን ወጪ ገምተው ሽያጩ በተካሄደበት ዓመት ይመዘግባሉ፤ በዚያው መጠንም ዕዳ ይይዛሉ። ይህ ዕዳ የዋስትና መጠባበቂያ ወይም በሙያው ቋንቋ ፕሮቪዥን ይባላል። ጉዳዩን የሚመራው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ስታንዳርድ ቁጥር 37 ሲሆን፣ በኢትዮጵያም የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፎቹን ደረጃዎች ሕጋዊ መሠረት ሰጥቷቸዋል።

አሠራሩን በቁጥር ለማየት አንድ ፍሪጅ አስመጪ እንውሰድ። ከጥር እስከ ሰኔ 1,000 ፍሪጆችን እያንዳንዳቸውን በ40,000 ብር፣ ከአንድ ዓመት ጋራንቲ ጋር ሸጧል እንበል። የቀደሙት ዓመታት መዝገቡ ከ100 ፍሪጅ 90ው ያለ እንከን ዓመቱን እንደሚጨርስ ያሳያል። ስምንቱ እንደ ቴርሞስታት ያለ ቀላል ብልሽት ይገጥማቸውና እያንዳንዳቸው 2,500 ብር ያስወጣሉ። ሁለቱ ደግሞ ኮምፕረሰራቸው ይቃጠልና 15,000 ብር ይፈጃሉ። እንግዲህ ከ1,000ው ውስጥ 80 ቀላል ብልሽቶች 200,000 ብር፣ 20 የኮምፕረሰር ብልሽቶች 300,000 ብር፣ በጠቅላላው 500,000 ብር ይጠበቃል ማለት ነው። ለአንድ ፍሪጅ ሲካፈል 500 ብር ይመጣል።

በ500 ብር የሚጠገን አንድም ፍሪጅ የለም። አንዱ ምንም አያስወጣም፣ ሌላው 2,500፣ ሌላው 15,000 ብር ያስወጣል። ግምቱ የሚይዘው ዕቃዎቹ ብዙ ሲሆኑ ነው፤ የትኛው እንደሚበላሽ ባይታወቅም ስንቱ እንደሚበላሽ በተቀራራቢ ይታወቃል።

አስመጪው ሽያጩን ሲመዘግብ 500,000 ብር የዋስትና ወጪ ብሎ ከትርፉ ይቀንሳል፤ በሌላው በኩል 500,000 ብር መጠባበቂያ ብሎ ከዕዳዎቹ መካከል ያስቀምጣል። ለብቻው የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ ግን የለም። መጠባበቂያው ወደፊት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ ጥገናው ሲመጣ ለመለዋወጫውና ለባለሙያው የሚሆን ገንዘብ ማዘጋጀት ሌላ ሥራ ነው።

ደንበኞች መመለስ ሲጀምሩ ሁለተኛው ደረጃ ይመጣል። እስከ ሰኔ 30 ድረስ 20 ቀላል ብልሽትና 6 የተቃጠለ ኮምፕረሰር ገብቷል እንበል፤ ወጪው 140,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 110,000 ብሩ ከመጋዘን የወጣ መለዋወጫ፣ 30,000 ብሩ ለጠጋኞች የተከፈለ ነው። የመለዋወጫው ክምችትና ጥሬ ገንዘቡ በዚያው ልክ ይቀንሳሉ፤ መጠባበቂያውም በ140,000 ብር ቀንሶ 360,000 ብር ይቀራል። የትርፍና ኪሳራ መግለጫው አይነካም፤ ወጪው በሽያጩ ጊዜ ተቆጥሮ አልቋልና። ብዙ ጀማሪ ሂሳብ ያዦች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መጠባበቂያውን ይይዙና ጥገናው ሲመጣ ደግመው የጥገና ወጪ ብለው ይመዘግባሉ። አንዱ ወጪ ሁለት ጊዜ ትርፍ ይቀንሳል፤ መጠባበቂያውም ሳይነካ ከዓመት ዓመት ይከማቻል።

በሚቀጥለው ዓመት ቀሪዎቹ ጥያቄዎች 422,500 ብር ቢፈጁ፣ ከቀረው 360,000 ብር የሚበልጠው 62,500 ብር የዚያ ዓመት ወጪ ይሆናል። ግምቱ በጊዜው በነበረው መረጃ በቅንነት የተሠራ ከሆነ ያለፈው ዓመት ሂሳብ አይከፈትም። ሆኖም አስመጪው ያ እስኪሆን እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። ስታንዳርዱ መጠባበቂያው በየሂሳብ መዝጊያው እንደገና እንዲመረመር ያዝዛል። በሰኔ መጨረሻ ኮምፕረሰሮቹ ከለመደው በፍጥነት እየተቃጠሉ እንደሆነ ካየ፣ ልዩነቱን ያኔውኑ ይጨምራል፤ ግምቱ በዝቶ ከተገኘም ትርፉን ወደ ገቢ ይመልሳል።

ማይክሮሶፍትን የጣለው ይኸው የግምት ደረጃ ነው። ኤክስቦክስ 360 በኖቬምበር 2005 ገበያ ሲወጣ አዲስ ማሽን ስለነበር የብልሽት ታሪክ አልነበረውም። በአሜሪካ የተሰጠው ዋስትናም 90 ቀን ብቻ ነበር። ችግሩ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ ሆነ። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ እንዳብራራው፣ ማሽኑ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚፈጠረው መሞቅና መቀዝቀዝ በምስል ማቀነባበሪያው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን መገናኛዎች ይሰነጥቅ ነበር። እንዲህ ያለው ብልሽት በመጀመሪያዎቹ ወራት ጥያቄዎች ላይ በሙሉ መጠኑ አይታይም። በዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ተለወጠ፤ ዋስትናው በ2006 መጨረሻ ወደ አንድ ዓመት፣ በጁላዩ መግለጫ ደግሞ ለዚህ ብልሽት ወደ ሦስት ዓመት አደገ። የብልሽቱ መጠንም የዋስትናው ዕድሜም አንድ ላይ ሲጨምሩ የድሮው ግምት የትም አልደረሰም። የመጨረሻው ወጪ 1.06 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተመዘገበ። እስከዚያ ድረስ ወደ ገበያ ለተላኩት 11.6 ሚሊዮን ገደማ ማሽኖች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 90 ዶላር ያህል ነው። ወጪው በተዘጋው ዓመት ላይ የተጫነውም ጉድለቱ ቀድመው በተሸጡት ማሽኖች ውስጥ ስለነበረ ነው።

ግምት በመሆኑ ደግሞ ሆን ተብሎም ሊጣመም ይችላል። የኮምፒውተር አምራቹ ዴል በ2007 የውስጥ ምርመራውን ውጤት ሲያሳውቅ፣ ከሚያስፈልገው በላይ የተያዘ የዋስትና መጠባበቂያ ወደ ገቢ በመመለስ ፋንታ እንደተያዘ መቆየቱንና ለሌላ ዓላማ መዋሉን አምኗል። ኩባንያውም ያለፉትን ዓመታት የሂሳብ መግለጫዎች አስተካክሎ እንደገና አወጣ። በደህና ዓመት የተደበቀ ትርፍ በደካማው ዓመት ሲወጣ፣ ባለአክሲዮኑ የሚያየው ውጤት ከእውነተኛው ንግድ ይርቃል።

ይህን ከውጭ ሆኖ ለመፈተሽ የሚረዳው በሂሳብ መግለጫው ማብራሪያዎች ውስጥ ያለው የመጠባበቂያ ሠንጠረዥ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የነበረው፣ በዓመቱ የተጨመረው፣ ለጥገና የዋለው፣ ሳይፈለግ ተርፎ የተመለሰውና በመጨረሻ የቀረው በየመስመሩ ይሰፍራሉ። ሽያጩ እያደገ የተጨመረው መጠን ካነሰ፣ ዕቃው ለምን ጠንካራ እንደሆነ ኩባንያው ማስረዳት አለበት። ለጥገና የዋለው በየዓመቱ ከተጨመረው የሚበልጥ ከሆነ ግምቱ ዝቅ ብሏል። ተርፎ የተመለሰው በየዓመቱ ትልቅ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ የተያዘው ከልክ በላይ ነበር ማለት ነው። ፍሪጅ አስመጪውም ሠንጠረዡን ከመሙላቱ በፊት እያንዳንዱን የጥገና ጥያቄ ፍሪጁ ከተሸጠበት ወርና ከመጣበት ጭነት ጋር አያይዞ ቢመዘግብ፣ የተበላሸው አንድ ጭነት ብቻ ይሁን ወይስ ሞዴሉ በሙሉ በቀላሉ ይለያል።