ማይኩ ለተሸኚው ሲሰጥ

የመሥሪያ ቤቶቻችን የጡረታ ሽኝት ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛው ባዋጣው ገንዘብ ኬክና ለስላሳ ይገዛል፣ ስጦታ ይዘጋጃል። ኃላፊው ስለ ተሸኚው ይናገራል፣ ባልደረቦች ተራ በተራ ተነሥተው ምስክርነት ይሰጣሉ፣ ካባ ወይም ጋቢ ይለበሳል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ማይኩ ለተሸኚው ይሰጣል። ብዙዎች በዚህ ሰዓት «ምን እላለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ሌሎች ደግሞ ከቅጥር ደብዳቤያቸው ይነሡና የተዛወሩባቸውን ክፍሎች በሙሉ ሲቆጥሩ ኬኩ ሳይቆረስ ይመሻል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ሠላሳ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ለባልደረቦቹ የሚነግራቸው ነገር አያጣም፤ የሚያጣው የትኛውን እንደሚናገር አስቀድሞ መምረጡን ነው።

ለመምረጥ ደግሞ ጊዜ አለ። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ዓመት ስለሆነ ቀኑ ድንገት አይደርስም። ከአንድ ወር በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መቀመጥ ይበቃል።

አንዲት ተሸኚ በሐሳባችን እናስቀምጥ። በአንድ መሥሪያ ቤት 31 ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆነው የሠሩ ሴት ናቸው፤ ከኃላፊው እስከ ተላላኪው ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው። የመጀመሪያ ረቂቃቸው እንዲህ ይላል፦ «በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከጎኔ ላልተለያችሁ ባልደረቦቼ፣ ላሳያችሁኝ ቅን ትብብር ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።» ዓረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ሾፌሩም፣ መሐንዲሱም፣ የሌላ መሥሪያ ቤት ሠራተኛም እንዳለ ወስዶ ሊያነበው ይችላል። የሚሰማው ሰው «እኔን ነው» አይልም፤ ያጨበጭባል፣ ይረሳዋል።

ስለዚህ እትዬ ራሳቸውን መጠየቅ ያለባቸው «ማን? የትኛው ቀን? ምን አደረገልኝ?» ብለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ትልቅ ጉዳይ ሆኖ አይመጣም። በእኛ ምሳሌ የሚመጣላቸው አንድ የወር መጨረሻ ምሽት ነው፤ በሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ብለው ይጽፉታል፦

«አንድ ማታ ካሽ ስቆጥር 180 ብር ጎደለኝ። ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ሦስቴም ጎደለ። ሰው ሁሉ ሄዷል። ያኔ ገና የተቀጠረው፣ አሁን እዚያ ጋ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ሊወጣ ሲል ፊቴን አየና ተመለሰ። ‹እትዬ፣ 180 እኮ ለዘጠኝ እኩል ይካፈላል፤ አኃዝ የተገለባበጠ ቦታ ይኖራል› አለኝ። እኔ በልቤ ‹ይሄ ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ያለ መሰለው እንዴ?› አልኩ። የክፍያ ማዘዣዎቹን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር ስናመሳክር ተገኘ፤ 2,970 የከፈልኩትን 2,790 ብዬ መዝግቤዋለሁ። ጋሼ ደግሞ በሩን መዝጊያቸው አልፎ፣ ‹ኧረ ቆጥሩ፣ እኔ የት እሄዳለሁ› እያሉ ቁልፋቸውን ይዘው ጠበቁን። 31 ዓመት ሂሳብ ሳይጎድልብኝ ወጣሁ ስትሉኝ ሰማሁ። የጎደለበትን ቀን የምናውቀው ሦስታችን ነን።»

ይህ አንቀጽ ሲነበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ምስጋናው ግን ሙሉ ነው። «ታማኝ»፣ «ታታሪ»፣ «ተባባሪ» የሚል ቃል አንድም የለበትም። ልጁ ትጉህ መሆኑን አዳራሹ ከታሪኩ ይረዳል፤ ጥበቃው ደግ መሆናቸውንም እንዲሁ። እትዬ በራሳቸው ታሪክ ውስጥ የተሳሳቱት እሳቸው ናቸው፤ ያዳኑት ሌሎች ናቸው። ትሕትና የምንለው ነገር በንግግር ላይ የሚታየው እንዲህ ባለ አቀማመጥ ይመስለኛል፦ ተናጋሪው በታሪኩ ውስጥ አለ፣ ጀግናው ግን ሌላ ሰው ነው። የሂሳቡ ነገርም ቢሆን ለጌጥ የገባ አይደለም። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ሲገለባበጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለዘጠኝ እኩል የሚካፈል መሆኑን የሂሳብ ሰዎች ያውቃሉ፣ የሚያመልጣቸውን ስሕተትም ብዙ ጊዜ በዚህ ያድናሉ። ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ብቻ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ዝርዝር ንግግሩን የእትዬ የራሳቸው ያደርገዋል።

ወደ ቀልዱ እንምጣ። በሽኝት ላይ የሚሠራ ቀልድ አዳራሹ በዓይኑ ያየው፣ የሚያርፈውም በተናጋሪው ላይ የሆነ ቀልድ ነው። ደመወዝ በእጅ ይከፈል የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው፤ ፔሮሉ ላይ ፈርሞ፣ በመስኮቱ በኩል ብሩን ተቀብሎ፣ እዚያው ቆሞ መቁጠር። ለእትዬ ይህ የተዘጋጀ ቀልድ ነው፦ «ደመወዝ በእጄ በሚያልፍበት ጊዜ በወር አንድ ቀን እንደኔ የሚወደድ ሰው አልነበረም። ‹እትዬ ዛሬ አምሮብሻል› ያላለኝ የለም። ደመወዝ በባንክ መግባት የጀመረ ወር ግን ቁንጅናዬ አብሮ ወደ ባንክ ሄደ።» ሰው የሚስቀው ራሱን ስላየበት ነው። ሆኖም ማንም ተለይቶ አልተነካም፤ የተቀለደው በእትዬ ቁንጅና ነው።

አደገኛው ቀልድ ተሸኚው ከራሱ በታች ባለ ሰው ላይ የሚቀልደው ነው። ተላላኪው ሁልጊዜ ያረፍድ እንደነበር፣ ጸሐፊዋ ስታገባ ምን እንዳለች፣ የአንዱ ውፍረት፣ የሌላው የአነጋገር ዘዬ። በሻይ ሰዓት ያሳቀ ነገር በማይክ ሲነገር ሌላ ይሆናል፤ የተነካው ሰው በሽኝት ቀን ተነሥቶ መልስ መስጠት አይችልምና። ያረጀ ቅሬታም በቀልድ ተሸፍኖ የሚገባበት በር ይህ ነው። «ዕድገቱ ለእኔ ይገባኝ ነበር፣ ግን ዘመድ የለኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳቅ ያስነሣል፤ ከሳቁ በኋላ ግን ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ሰው ይዞራል፣ ዝግጅቱም ከዚያ አይመለስም። ረቂቁን ሲያነቡ የአዳራሹን ዓይን ወደ አንድ ሰው በክፉ የሚያዞር መስመር ካገኙ ይሰርዙት። ቅሬታው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን እዚያ አይደለም።

ትሕትናም መጠን አለው። «እኔ ምንም አልሠራሁም፣ ይህ ሁሉ አይገባኝም» ማለት በባህላችን የተለመደ ነው፤ ሲደጋገም ግን ቀድመው ምስክርነት የሰጡትን ሰዎች ሐሰተኛ ያደርጋል። እንድ ሰዓት ሙሉ መልካም ሲነገርለት የቆየ ሰው ቢቀበለው ይሻላል፤ ተቀብሎ ያካፍል። እትዬ እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ስለ እኔ የተባለውን ስሰማ ይህችን ሴትዮ ባስተዋወቃችሁኝ አልኩ። የተባለውን ወስጃለሁ፣ አልመልስም። ግን ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ድርሻ ድርሻችሁን ላካፍል።» ከዚህ በኋላ የ180 ብሩ ታሪክ ቢመጣ ቦታውን ያገኛል።

የስም ዝርዝር ነገር ብዙ ሰው ያሰናክላል። ሃያ ስም የሚጠራ ተናጋሪ ሃያ አንደኛውን ይረሳል፤ የተረሳው ሰው ደግሞ ከንግግሩ የሚያስታውሰው ያንን ብቻ ነው። የሚሻለው ሁሉንም በየሥራ ክፍላቸው ባጭሩ አመስግኖ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሥራ ብቻ በታሪክ መናገር ነው። ከእነዚያ ውስጥ ቢያንስ አንዱ በምስክርነቱ ሰዓት ስሙ ያልተነሣ ሰው ቢሆን እመርጣለሁ፦ ጥበቃው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሻይ የምታፈላው።

በዓለም ላይ ከታወቁት የስንብት ንግግሮች አንዱ ይህንኑ አድርጓል። ሉ ጌሪግ የኒው ዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ 2,130 ጨዋታ ሳያቋርጥ ከተሰለፈ በኋላ በማይድን የነርቭ በሽታ በ36 ዓመቱ ከሜዳ ወጣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1939 ከ60 ሺህ በላይ ሰው በተሰበሰበበት ስታዲየም ለመናገር ከብዶት ነበር። በመጨረሻ ማይኩን ሲይዝ ያመሰገነው አሠልጣኞቹንና የቡድን ጓደኞቹን ብቻ አልነበረም፤ የተጋጣሚውን ቡድን፣ የሜዳውን ሣር የሚንከባከቡትን፣ በስታዲየሙ የሚሠሩትን ልጆች ጭምር ነው። ከልጇ ጋር ሲጋጭ ወግና ለእሱ የምትቆምለትን አማቱንም አነሣ። ከንግግሩ በፊልም ተቀርጾ የቀረው ጥቂት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ርዝመቱም ሁለት ደቂቃ ገደማ ነበር። የአማቱ ቀልድ በዚያ ከባድ ቀን ለሰው እፎይታ ሰጥቷል ብዬ አምናለሁ፤ ያ ቀልድ ምስጋናም ጭምር ነውና።

ስለ እንባ ትንሽ ልበል። ተሸኚው ድምፁ የሚቆረጠው ብዙ ጊዜ የሞተ ባልደረባ ስም ላይ ወይም ልጆቹን ሲያነሣ ነው። ማልቀስ ነውር የለበትም፤ ግን እነዚህን መስመሮች መጨረሻ ላይ ያስቀመጠ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ይቀመጣል። መሐል ላይ ይግቡ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ ቀለል ያለ መስመር ይኑር፤ እትዬ የደመወዙን ቀልድ ያዘገዩት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው ድምፅ አውጥቶ ማንበብ የት እንደሚቆረጥ አስቀድሞ ያሳያል። ወረቀቱ በትልልቅ ፊደል ይጻፍ፤ መነጽር ቤት ረስቶ የመጣ ተሸኚ ጥቂት አይደለም።

መዝጊያው ላይ ደግሞ የራሳችን ሥርዓት አለን፤ ለምን ብዙዎች እንደሚተዉት አይገባኝም። በመጀመሪያ ይቅርታ ነው፦ «ሳውቅም ሳላውቅም ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ፣ እኔም ይቅር ብያለሁ።» እዚህ ላይ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ የማን ጥፋት እንደነበር ከተቆጠረ ይቅርታው ክስ ይሆናል። ቀጥሎ ምርቃት ነው። 60 ዓመት የሞላው ሰው ለሥራ ባልደረቦቹ ታላቅ ነው፤ መመረቅ ይገባዋል፣ ወጣቶቹም ይጠብቁታል። ምርቃቱ አጭር ሐረግ በሐረግ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ በኋላ አዳራሹ «አሜን» የሚልበት ፋታ ይሰጠው። ከሥራው የተቀዳ ቢሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል፤ የእትዬ ይህን ይመስላል፦ «ካዝናችሁ አይጉደል። አሜን። መዝገባችሁ ይስተካከል። አሜን። እኔ የወጣሁበትን ቀን በጤና ለማየት ያብቃችሁ።» ሦስተኛው «አሜን» ሲባል ማይኩ ወደ መድረክ መሪው ይመለሳል፤ ኬኩም ይቆረሳል።