ማዲ ሁሉ ያለፈ አይደለም

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ዐረብኛ የሚጀምር ተማሪ ብዙውን ጊዜ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ቀምሶ የመጣ ነው። ስለዚህ ማዲን «ፓስት»፣ ሙዳሪዕን «ፕረዘንት» ብሎ ደብተሩ ላይ ያሰፍራል፤ ከተበ «ጻፈ»፣ ያክቱቡ «ይጽፋል»። ክፍፍሉ ለጥቂት ቀን ያስኬደዋል።

መስጊድ ሲገባ ግን ይፈርሳል። በኢቃማው ላይ «ቀድ ቃመቲ ሰላህ» ይባላል። ቃመት ማዲ ነው፤ «ሶላት ቆመች» እንደማለት። ሰጋጆቹ ግን ገና ሶፍ እያስተካከሉ ነው፣ ኢማሙም ተክቢራ አላሰማም። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ሊገረም አይገባም፤ ሲጠሩት ከተቀመጠበት ሳይነሳ «መጣሁ!» የሚል እሱ ራሱ ነው። ሊሆን የተቃረበው እንደ ሆነ ተቆጥሮ ይነገራል።

በኒካሕም እንዲሁ ነው። ቃሉ በዐረብኛ ሲሰጥ ወሊዩ «ዘወጅቱከ» (ዳርኩልህ)፣ ሙሽራው «ቀቢልቱ» (ተቀበልኩ) ይላሉ። ሁለቱም ማዲ ናቸው፤ ነገር ግን የትናንት ወሬ አያወሩም፣ ጋብቻው የሚታሰረው በዚያው ንግግር ነው። ለሟች የሚባለው «ረሂመሁላህ»ም በማዲ የተነገረ ምኞት ነው፦ አላህ ይዘንለት።

ሙዳሪዕ ደግሞ ከፊቱ የምትቆመውን ቃል ይከተላል። «ሰያክቱቡ» ወደፊት ይጽፋል ነው። «ለን ያክቱበ» አይጽፍም፣ ለወደፊቱ። «ለም ያክቱብ» ግን አልጻፈም! «የአሁን» የተባለው ቅርጽ ያለፈውን ይክዳል። የመጨረሻዋ ድምፅ ከቡ ወደ በ፣ ከዚያም ወደ ብ መለወጧን ያላስተዋለ ተማሪ ለምና ለንን ሲያምታታ ትናንትን ከነገ ይቀላቅላል። «ካነ ያክቱቡ»ን ለመረዳት ደግሞ እንግሊዝኛ ጨርሶ አያስፈልግም፤ «ይጽፍ ነበር» በአማርኛም የተሠራው ከይጽፍና ከነበር ነው።

ይህን የሰሙ አንዳንዶች «እንግዲያው የዐረብኛ ግስ ጊዜ የለውም» ወደሚል ሌላ ጫፍ ይሄዳሉ። ይህም ልክ አይደለም። በተራ ትረካ ውስጥ ብቻውን የቆመ ማዲ ያለፈን ነገር ይናገራል፤ «ከተበ ሪሳለተን» ደብዳቤ ጻፈ እንጂ ሌላ አይደለም። ማዲ መሠረቱ ድርጊቱን እንደ ተፈጸመ ማየት ነው፤ ጊዜውን አብዛኛውን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ይወስናል። «ኢን ደረስተ ነጀሕተ» ሲባል ሁለቱም ግሶች ማዲ ሆነው «ካጠናህ ታልፋለህ» የሚሆነው በኢን ምክንያት ነው። አማርኛውም «ካጠናህ» ሲል የኃላፊውን ቅርጽ ይዞ ስለ ነገ ይናገራል።

ከኢሉባቦር ተነስቶ ጅዳ የሚወርድ ሰው ግን «ለም ያክቱብ»ን በሰፈር ወሬ እሰማለሁ ብሎ አይጠብቅ። እዚያ በአፍ የሚባለው «ማ ከተብ» ነው፤ ክህደቱም ወደ ማዲ ይመለሳል፣ የመጨረሻዎቹ አናባቢዎችም ይረግፋሉ።