ዓይን የማያየው የዘይት ቆሻሻ

የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ ዘይት ጠርቶ ስለታየ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ዓይን ከ40 ማይክሮን በታች ያለን ብናኝ መለየት ይቸግረዋል፤ ፓምፑንና ቫልቩን የሚበላው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰው ነው።

ላቦራቶሪ ንጽህናውን በአይኤስኦ 4406 መሠረት በሦስት ቁጥሮች ይገልጻል። ውጤቱ 21/19/16 ቢሆን፣ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል በአንድ ሚሊ ሊትር ዘይት ውስጥ ከ4፣ ከ6 እና ከ14 ማይክሮን የሚበልጡትን ብናኞች ብዛት ያመለክታሉ። 21 ማለት ከ10,000 እስከ 20,000 ብናኝ ነው።

ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር ብዛቱ በእጥፍ ያድጋል። ለማሽኑ የሚፈለገው 18/16/13 ከሆነ፣ ይህ ዘይት ስምንት እጥፍ ያህል ቆሽሿል።

ዘይቱን መቀየር ብቻውን አይበቃም። ከበርሜል የወጣ አዲስ ዘይትም ብዙ ጊዜ ብናኝ ስለሚይዝ፣ በማጣሪያ እያለፈ መሞላት አለበት። ከዚያም ማሽኑ ሠርቶ ዘይቱ ሲሞቅ፣ ከመመለሻው ማጣሪያ በፊት ካለው መስመር አዲስ ናሙና በንጹህ ጠርሙስ ተቀድቶ ይመረመራል።