ሾተላይና የ72 ሰዓቱ መርፌ

የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላግላ ከዚያ ወዲያ የወለደቻቸው እየገረጡና ቢጫ እየሆኑ የሚሞቱባትን እናት ያገራችን ሰው «ሾተላይ አለባት» ይላል። ዛሬ ይኸው ቃል በየጤና ተቋሙ የአርኤች አለመጣጣም መጠሪያ ሆኗል። ጨቅላ በተከታታይ የሚሞተው በዚህ ብቻ አይደለም፤ የበኩሩን ምሮ ታናናሾቹን መቅሰፍ ግን የዚህ በሽታ ዋነኛ ጠባይ ነው።

ለምን በኩሩን ይምራል? አርኤች በቀይ የደም ሴል ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው፤ ያለው ሰው ፖዘቲቭ፣ የሌለው ኔጌቲቭ ይባላል። ኔጌቲቭ እናት ከአባቱ ፖዘቲቭነትን የወረሰ ልጅ ስትወልድ፣ እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ጥቂት የልጁ ደም ወደ ደሟ ይገባል። ሰውነቷ ይህን እንግዳ ለይቶ ፀረ እንግዳ አካል እስኪያመርት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ በኩሩ ተወልዶ አምልጧል። በሚቀጥለው እርግዝና ግን ፀረ እንግዳ አካሉ እንግዴ ልጁን አልፎ የፅንሱን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ፅንሱ ደም ያንሰዋል፣ ሲብስም ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ ያብጣል። ከተወለደ በኋላ ደግሞ ከፈረሱት ሴሎች የሚወጣው ቢጫ ነገር፣ ቢሊሩቢን፣ ይጠራቀምበታል። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ዓይኑና ቆዳው ቢጫ የሆነ ሕፃን በአስቸኳይ መመርመር ያለበት ቢሊሩቢኑ አንጎል ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

መከላከያው ግራ ያጋባል፤ እናቲቱ የምትወጋው ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል፣ አንቲ ዲን፣ ነው። ከሌሎች ሰዎች ደም የተጣራው አንቲ ዲ ወደ ደሟ የገቡትን የልጁን ሴሎች ይይዛል፤ የእርሷ ሰውነት ሳይነቃባቸውም ተጠርገው ይወገዳሉ። ተውሶ የመጣው ፀረ እንግዳ አካል በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ሰውነቷ ግን ማምረቱን ሳይማር ይቀራል።

ፍሬዳ፣ ጎርማንና ፖላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሐሳብ የፈተኑት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒው ዮርክ በሚገኘው ሲንግ ሲንግ ወህኒ ቤት፣ ፈቃደኛ በሆኑ ኔጌቲቭ ወንድ እስረኞች ላይ ነበር። እንደልብ መግባት ስላልተፈቀደላቸው ፖዘቲቭ ደም ከሰጡ በኋላ መርፌውን እስኪወጉ 72 ሰዓት አለፈ፤ መርፌው ግን ሠራ። ዛሬም እናት ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ትወጋ የሚባለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ገደቡን ያበጀው የሰውነት ሕግ ሳይሆን የወህኒ ቤት ደንብ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰዓቱ ያለፈባት እናትም ብትዘገይም ብትወጋ ይሻላል።

የተለመደው መጠን 300 ማይክሮግራም ሲሆን 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የልጅ ደም ያከሽፋል። ብዙ ደም ከገባ መጠኑ ይጨመራል። አቅሙ በሚፈቅድ ቦታ በ28ኛው ሳምንትም ይሰጣል። ውርጃም ደም ስለሚያቀላቅል ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። ሰውነቷ አስቀድሞ ፀረ እንግዳ አካል ማምረት ለጀመረ እናት ግን መርፌው አይረዳም፤ ኩምብስ የሚባለው የደም ምርመራ ይህን ያሳያል። እንዲህ ከሆነ ክትትሉ ወደ ፅንሱ ይዞራል፤ ደም ማነሱ ከበረታም ገና በማኅፀን ሳለ በእትብቱ በኩል ደም ይሰጠዋል።