ገንዘቡ ሲገባ ያልተጠየቀ መታወቂያ

አንድ በአውሮፓ የሚኖር ሐበሻ አርብ ማታ በኦንላይን ካዚኖ 50 ዩሮ አስገብቶ 900 ዩሮ አሸነፈ እንበል። ሲያስገባ የጠየቀው አልነበረም። «ላውጣ» ሲል ግን ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ፣ አድራሻ የሚያሳይ የመብራት ቢል ወይም የባንክ ስቴትመንት፣ የከፈለበት ካርድ ፎቶና አንዳንዴም ሰልፊ ይጠየቃል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አይደለም። ድርጅቱ ተጫዋቹ ለአካለ መጠን መድረሱን፣ ካርዱ የራሱ መሆኑንና ገንዘቡ የወንጀል ፍሬ አለመሆኑን ማጣራት አለበት። አሸናፊውን የሚያናድደው ጥያቄው የሚመጣበት ሰዓት ነው። ምዝገባ ላይ ቢጠየቅ ብዙ ደንበኛ ትቶ ስለሚሄድ፣ ሕጉ ካላስገደዳቸው በቀር ድርጅቶቹ ማጣራቱን ወደ መጨረሻው ይገፉታል።

ሰነዱን የሚያየው ክፍል ቅዳሜና እሁድ ዝግ ከሆነ የአርቡ ጥያቄ ሰኞ ይታያል። ሰኞ የፓስፖርቱ ፎቶ ጠርዙ ተቆርጧል ተብሎ ይመለሳል። ማክሰኞ ደግሞ ቢሉ ሦስት ወር አልፎታል ይባላል። አንዱ ወረቀት በተመለሰ ቁጥር ሰውየው ብዙ ጊዜ ወረፋውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለሐበሻ ሌላ ጣጣ አለ፤ ስሙ። ፓስፖርቱ ላይ «Yohannes»፣ ካርዱ ላይ «Yohanes» ተብሎ ከተጻፈ ማሽኑ ሁለት ሰው ያደርገዋል። አንዱ ሰነድ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ ከሆነም ጉዳዩ ወደ ሠራተኛ እጅ ይተላለፋል፤ ይህም ቀናት ይጨምራል። መፍትሔው ሲመዘገቡ ስምን ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ መቅዳት ነው። የካርድ ፎቶ ሲላክ ደግሞ የመሃል ቁጥሮቹንና በጀርባው ያለውን ባለሦስት አሃዝ ቁጥር መሸፈን ይገባል።

ብሪታንያ ይህን ልማድ ለመስበር ሞክራለች። ከግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ የቁማር ኮሚሽን ፈቃድ የሰጣቸው ድርጅቶች ስም፣ አድራሻና የልደት ቀንን ከጨዋታው በፊት እንዲያረጋግጡ ይገደዳሉ። ቀድመው መጠየቅ ይችሉ የነበረውን መረጃም ገንዘብ ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ ተከልክሏል። ትልልቅ ክፍያ ላይ የገንዘቡ ምንጭ ዳግም ሊጠየቅ ስለሚችል መዘግየቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም።

የማጣራት ጊዜው ለተጫዋቹ ፈተናም ነው። ገንዘቡ «በሂደት ላይ» እያለ አካውንቱ ውስጥ ከታየ፣ ጥያቄውን ሰርዞ መልሶ የሚቆምርበት ብዙ ነው። ብሪታንያ በ2021 ይህንንም አግዳለች።

እዚያ ቅሬታ ያለው ደንበኛ በመጀመሪያ ለድርጅቱ ያመለክታል፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ ካልተፈታለት ወደ ገለልተኛ አስታራቂ አካል መሄድ ይችላል። ፈቃድ የሌለው ድርጅት ላይ ግን አቤት የሚባልበት እንዲህ ያለ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ፈቃዱን ማየት ያለብዎት 50 ዩሮውን ከማስገባትዎ በፊት ነው።