ራውተሩን ከመንቀልዎ በፊት መዝገቡን ያንብቡ

ኢንተርኔት ሲቆራረጥ በየቤቱ የሚደረገው አንድ ዓይነት ነው፤ ራውተሩ ከሶኬት ይነቀላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ተመልሶ ይሰካል። ግንኙነቱም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ራውተሩ ስለ ብልሽቱ የያዘው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች የሚደርስባቸውን ሁሉ የሚመዘግቡት ኃይል ሲቋረጥ በሚደመሰስ ትንሽ ማህደረ ትውስታ ላይ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ችግሩ ሲደገም ባለሙያ ቢጠራ እንኳ የሚያየው ባዶ ገጽ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሳይነቅሉ ማንበብ ነው። ከራውተሩ ጋር የተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አሳሽ ከፍተው 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ብለው ይጻፉ። ትክክለኛው አድራሻ፣ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ አሉ። ከገቡ በኋላ የሚፈልጉት ሁለት ገጾችን ነው፤ Status ወይም Device Info የሚባለውን የሁኔታ ገጽ እና System Log የሚባለውን መዝገብ። ምንም ማስተካከያ ሳይነኩ ሁለቱንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

ከዚህ በታች የምንመለከተው በስልክ መስመር የሚመጣውን ኢንተርኔት፣ ማለትም ኤዲኤስኤልን ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ በመሆኑ ከሌሎቹ ይልቅ ለመቆራረጥ የተጋለጠ ነው፤ የሁኔታ ገጹም ስለ ሕመሙ ብዙ ይናገራል።

ሦስቱ ሰዓቶች

በሁኔታ ገጹ ላይ በመጀመሪያ የሚታየው Uptime የሚለው ነው። አንድ ነገር ሳይቋረጥ የቆየበትን ጊዜ ያሳያል። በብዙ ራውተሮች ላይ ይህ ቁጥር በሦስት ቦታ ይገኛል። የመጀመሪያው የራውተሩ የራሱ ዕድሜ ነው፤ ከተነሳ ስንት ጊዜ ሆነው? ሁለተኛው የመስመሩ ነው፤ ራውተሩ በስልክ ሽቦው በኩል ከቴሌው መሣሪያ ጋር ከተያያዘ ስንት ጊዜ ሆነው? ሦስተኛው የኢንተርኔት ግንኙነቱ ሲሆን PPP በሚለው ሥር ይገኛል፤ የደንበኛው ስምና የይለፍ ቃል ተረጋግጦ አገልግሎቱ ከተከፈተ ስንት ጊዜ ሆነው?

ሦስቱ አንዱ በሌላው ላይ የቆሙ ናቸው። ራውተሩ ከጠፋ መስመሩም ግንኙነቱም ይጠፋሉ። መስመሩ ከተቋረጠ ግንኙነቱ ይወድቃል፤ ራውተሩ ግን እንደበራ ይቆያል። ግንኙነቱ ብቻ ከወደቀ መስመሩም ራውተሩም አይነኩም። ስለዚህ ከሦስቱ የትኞቹ እንደ አዲስ መቁጠር እንደጀመሩ ማየት ብቻ ብልሽቱ የት እንዳለ ይጠቁማል። ሦስቱም አብረው ከዜሮ ከጀመሩ ችግሩ መብራት፣ አዳፕተር ወይም ራሱ ራውተሩ ነው። የራውተሩ ዕድሜ ዘጠኝ ቀን ሆኖ የመስመሩ ሃያ ደቂቃ ከሆነ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። መስመሩ ዘጠኝ ቀን ቆይቶ PPP ብቻ ሃያ ደቂቃ ካለው ግን ጉዳዩ የአገልግሎት ሰጪው ወይም የአካውንቱ ነው፤ ቤት ውስጥ ሽቦ መቀየር ምንም አይፈይድም።

መዝገቡ ምን ይላል?

የሁኔታ ገጹ የሚያሳየው የመጨረሻውን መቋረጥ ብቻ ነው። ስንት ጊዜና መቼ እንደተደጋገመ የሚናገረው መዝገቡ ነው። ቃላቱ ከራውተር ራውተር ቢለያዩም የመስመር መቋረጥ ይህን ይመስላል፤

```
Jul 14 19:42:07  DSL link down
Jul 14 19:42:09  PPP connection down
Jul 14 19:43:01  DSL link up
Jul 14 19:43:08  PPP connection up
```

ቅደም ተከተሉን ያስተውሉ። መጀመሪያ የወደቀው መስመሩ ነው፤ ግንኙነቱ ተከትሎት ወደቀ። መስመሩ ተመልሶ ለመያያዝ አንድ ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ 19:42 ማለት ከምሽቱ 1፡42 ነው። ይህ ልክ የሚሆነው ግን በራውተሩ ውስጥ የሰዓት ቀጠናው GMT+3 ተብሎ ከተስተካከለ ብቻ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀኑ Jan 1 1970 ሆኖ ይገኛል። ይህ ስህተት ቢመስልም ጠቃሚ ምልክት ነው። አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ሲጠፉ ጊዜ የሚቆጥር ባትሪ የላቸውም፤ ሲነሱ ከዚያ ቀን ጀምረው ይቆጥሩና ኢንተርኔት ካገኙ በኋላ ትክክለኛውን ሰዓት ይወስዳሉ። አንዳንድ ሞዴሎች ከሌላ አሮጌ ቀን ይጀምራሉ። በመዝገቡ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ቀን ካለ ራውተሩ ጠፍቶ ተነስቷል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት መብራት ካልጠፋና ማንም ካልነቀለው፣ ጥርጣሬው ወደ አዳፕተሩ ወይም ወደ ሙቀቱ ይዞራል።

መዝገቡ ውስጥ ብዙ የማያሳስቡ መስመሮችም አሉ። አንድ ስልክ ከዋይፋዩ ወጣ ወይም ገባ የሚሉት፣ እንዲሁም DHCP የሚል ቃል ያለባቸው በአብዛኛው የዘወትር ሥራ ናቸው። ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ ኃይል ለመቆጠብ ከዋይፋይ ሊወጣ ይችላል። እርስዎ የሚፈልጉት link down እና link up የሚሉትን ነው።

የስህተት ቁጥሮች

መስመሩ ከመውደቁ በፊት ይታመማል፤ ሕመሙም በቁጥር ይታያል። በሁኔታ ገጹ ላይ DSL ወይም Statistics በሚለው ሥር FEC እና CRC የሚባሉ ቆጣሪዎች አሉ። FEC በመንገድ ላይ ተበላሽቶ ራውተሩ ራሱ ያረመውን ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ትልቅ ቢሆን ብቻውን አያስደነግጥም። CRC ግን ሊታረም ያልቻለውን ይቆጥራል። ቪዲዮው የሚንተከተከው፣ የስልክ ጥሪው ድምፅ የሚቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ለብቻው በማየት ነው። 50,000 የሚል CRC በሁለት ወር የተጠራቀመ ከሆነ ቀላል ነው፤ በአንድ ማታ ከሆነ ግን መስመሩ ክፉኛ ታሟል። እንደ መብራት ቆጣሪ ሁለት ጊዜ ማንበብና ልዩነቱን መውሰድ ያስፈልጋል። አንዴ ይመዝግቡ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግመው ይመዝግቡ፣ ይቀንሱ።

ከእነዚህ አጠገብ SNR Margin የሚል አለ። የኢንተርኔቱ ምልክት መስመሩ ላይ ካለው የኤሌክትሪክ ሁከት በላይ ምን ያህል መጠባበቂያ እንዳለው በዲሲቤል ይለካል። ከ10 በላይ ከሆነ መስመሩ ተመቻችቷል፤ ከ6 ሲወርድ ትንሽ ሁከት እንኳ ሊጥለው ይችላል። Attenuation የሚለው ደግሞ ምልክቱ በርቀት ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል። በግምት አንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ 14 ዲሲቤል ያህል ይወስዳል። ይህ ቁጥር ከቀን ቀን ብዙም መለዋወጥ የለበትም፤ በድንገት ከጨመረ መገጣጠሚያ ላልቷል ወይም ውኃ ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አንድ ቤት በምሳሌ

ማታ ማታ ኢንተርኔት የሚቆራረጥበትን ቤት እናስብ። ገጹ ሲከፈት የራውተሩ ዕድሜ ዘጠኝ ቀን፣ የመስመሩ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መብራቱም ሙቀቱም ነፃ ወጡ፤ ተጠርጣሪው መስመሩ ነው። Attenuation 41 ነው፤ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ርቀት ይጠጋል፣ የሚሠራ ርቀት ነው። SNR Margin ግን 5 ብቻ ነው። CRC 1,240 ተነበበ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ 4,840 ሆነ። ልዩነቱ 3,600 ነው፣ በአማካይ በየሰከንዱ አንድ ስህተት ማለት ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ ሕመሙ ከቤት ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ የሚለው ነው። መልሱ ያለ ምንም መሣሪያ ይገኛል። የቤቱ ስልክ፣ ስፕሊተሩና የተቀጠለው ረጅም ሽቦ ሁሉ ተነቅለው፣ ራውተሩ በአጭር ሽቦ መስመሩ ወደ ቤት በሚገባበት የመጀመሪያ ሶኬት ላይ ብቻውን ተሰካ። ገጾቹ አስቀድመው ፎቶ ተነስተዋል። አሁን SNR Margin ወደ 11 ወጣ፤ በአንድ ሰዓት የተጨመረው CRC 20 ብቻ ሆነ። ብልሽቱ ቤት ውስጥ ነበር ማለት ነው። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ሲመለሱ ስፕሊተሩ በገባ ጊዜ ስህተቱ ተመለሰ፤ እሱን መቀየር በቂ ነው። ቁጥሮቹ በመጀመሪያው ሶኬት ላይም እንደታመሙ ቢቀሩ ኖሮ ችግሩ ከግድግዳው ውጭ በመሆኑ መጠገን ያለበት አገልግሎት ሰጪው ነው።

ሙቀት

አብዛኞቹ የቤት ራውተሮች ሙቀታቸውን በገጻቸው ላይ አያሳዩም። በአንዳንድ ሞዴሎች ብቻ ይገኛል፤ ለምሳሌ የሙቀት መለኪያ ባላቸው MikroTik ራውተሮች ላይ `/system health print` የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። በሌሎቹ ላይ ሙቀትን የምናውቀው በሰዓቱ ነው። መብራት ሳይጠፋ የራውተሩ ዕድሜ ደጋግሞ ከዜሮ ከጀመረ፣ ይህም የሚሆነው በቀኑ ሞቃት ሰዓት ወይም ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ጊዜ ከሆነ፣ ሙቀት ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ሌላው ምልክት መብራቶቹ ሁሉ እንደበሩ 192.168.1.1 በገመድ እንኳ አልከፈት ማለቱ ነው። የመስመር ችግር ይህን ገጽ ሊዘጋ አይችልም፤ የደነዘዘው ራውተሩ ራሱ ነው።

የቤት ራውተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በአካባቢያቸው ያለው አየር ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይበልጥ ነው። ዲኮደር ላይ የተደረበ፣ ዳንቴል የለበሰ ወይም በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የገባ ራውተር ክፍሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም ያንን ሊያልፍ ይችላል። ዳንቴሉን አንስተው፣ ራውተሩን ከሌሎች ዕቃዎች ለይተው፣ የአየር ቀዳዳዎቹን ከፍተው ሁለት ቀን ይተዉት። ዕድሜው ሳይቋረጥ ከቆጠረ መልሱ ተገኘ። ካልሆነ ደግሞ አዳፕተሩን ተመሳሳይ ቮልትና ከዚያ ያላነሰ አምፔር ባለው ሌላ ይቀይሩ፤ 12 ቮልት 1 አምፔር ከሆነ 12 ቮልት 1 አምፔር ወይም 12 ቮልት 2 አምፔር ይሆናል። ቮልቱ ግን በፍጹም መለወጥ የለበትም።

በፋይበር የሚጠቀሙ ሰዎች SNR የሚባል አያገኙም። እነሱ የሚያዩት RX Power የሚለውን ነው። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሲሆን ከ-8 እስከ -27 dBm ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ወደ -27 ከተጠጋ ወይም ካለፈ ገመዱ ተጣጥፎ ወይም መገጣጠሚያው ቆሽሾ ይሆናል። ሦስቱን ሰዓቶች የማነጻጸሩ ዘዴ ግን ለእነሱም ያው ነው።

ብልሽት ለማመልከት ሲደውሉ «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ብቻ አይበሉ። «ራውተሩ ዘጠኝ ቀን በርቷል፣ መስመሩ ግን ትናንት አምስት ጊዜ ወድቋል፤ በመጀመሪያው ሶኬት ላይም SNR 5 ነው» ብለው ይንገሯቸው፤ የወደቀበትንም ሰዓት ከፎቶው ላይ ያንብቡላቸው። ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ እርስዎም ራውተሩን ነቅለው ይሰኩት ከሚለው የመጀመሪያ ምክር አልፈው ወደ ጥገናው ይገባሉ።